በስካነር የተነሣን የባንክ መግለጫ ወደ ሂሳብ ረድፍ ስለመመለስ



የባንክ ሂሳብ መግለጫ ከባንኩ ኮምፒዩተር ሲወጣ በሚገባ የተደረደረ ሠንጠረዥ ነው። ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በፋይል ተቀምጦ፣ ከዚያም በስካነር ተነሥቶ ወደ ሂሳብ ሠራተኛው ሲደርስ ግን ሥዕል ብቻ ሆኗል። የሰው ዐይን አሁንም ሠንጠረዥ ያያል፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የጥቁርና የነጭ ነጥብ ክምችት እንጂ ቀን፣ ዝርዝር፣ ዴቢት፣ ክሬዲትና ቀሪ ሂሳብ የሚባል ነገር አይደለም። ይህን ሥዕል ወደ አምስቱ ዐምዶች የመመለሱ ሥራ ሲነሣ ብዙዎች ችግሩ ፊደልና ቁጥር ማንበብ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁንና ከዚያ የሚብሰው ችግር ባዶውን ቦታ ማንበብ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። በመግለጫው ላይ እያንዳንዱ ረድፍ ከዴቢትና ከክሬዲት አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ባዶ ነው። ጽሑፍ አንባቢው ፕሮግራም ባዶውን ቦታ ዘልሎ ቃላቱን ብቻ በተርታ ከጻፈ፣ በረድፉ መጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ይቀራሉ። ሁለተኛው ቀሪ ሂሳቡ ነው። የመጀመሪያው ግን ገንዘብ የገባበት ይሁን የወጣበት የሚነግር ምልክት ጠፍቷል።

ነገሩን ለመከተል እንዲመች የአንድ ድርጅት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ መግለጫ ለምሳሌ ይወሰድ። ከፊተኛው ገጽ የዞረው ሂሳብ ብር 48,215.60 ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ስድስት ረድፎች በትክክል ተለቅመው ሲያበቁ ይህን ይመስላሉ፦

```
date,description,debit,credit,balance
2023-07-03,CASH DEPOSIT,,12500.00,60715.60
2023-07-04,CHQ 004417,8340.00,,52375.60
2023-07-04,TRANSFER OFFICE RENT,15900.00,,36475.60
2023-07-07,SERVICE CHARGE,25.00,,36450.60
2023-07-11,CASH DEPOSIT,,6780.25,43230.85
2023-07-12,CHQ 004418,3165.00,,40065.85
```

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አስቀድሞ መጠቀስ አለበት። መግለጫው የባንኩ መዝገብ ቅጂ ስለሆነ፣ ለባንኩ የደንበኛው ተቀማጭ ዕዳ ነው፤ ስለዚህም ገቢው በክሬዲት፣ ወጪው በዴቢት ይቆማል። በድርጅቱ የጥሬ ገንዘብ መዝገብ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንዳንድ ትጉህ ሠራተኛ ገና በመልቀም ላይ ሳለ ሁለቱን ዐምዶች ወደ ድርጅቱ አቅጣጫ ይገለብጣቸዋል። ይህ ሊደረግ አይገባም። ረድፉ ባንኩ እንዳተመው ይቀመጥ፤ መገልበጡ የማስታረቂያው ሥራ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ወረቀቱ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢነሣ ለንባብ በቂ ሲሆን፣ የኤ4 ወረቀት ስፋት በዚህ መጠን ወደ 2480 ነጥብ ይሆናል። ወረቀቱ በስካነሩ ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ የመስመሩ ግራ ጫፍና ቀኝ ጫፍ በከፍታ 43 ነጥብ ያህል ይለያያሉ። በአንድ ኢንች ስድስት መስመር በሚታተም ወረቀት ላይ ደግሞ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት 50 ነጥብ ነው። እንግዲህ ለዐይን እምብዛም የማይታይ ዝንባሌ የአንዱን ረድፍ ቀሪ ሂሳብ ከሌላው ረድፍ ዝርዝር ጎን ለማሰለፍ ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ንባብ በፊት ሥዕሉን ማቃናት ግድ ነው።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ከሆነ በመጀመሪያ በገጽ በገጹ ወደ ሥዕል ይወጣል፤ የተቃናው ሥዕል ደግሞ ለጽሑፍ አንባቢው ይሰጣል። ለዚህ ዓላማ በነፃ ከሚገኙት ፕሮግራሞች አንዱ ቴሰራክት ነው፤ ትእዛዞቹም እነዚህ ናቸው፦

```
pdftoppm -r 300 -png statement.pdf page
tesseract page-1.png page-1 --psm 6 tsv
```

በሁለተኛው ትእዛዝ መጨረሻ ያለችው `tsv` የምትባለው ቃል ዋና ጉዳይ ናት። እርስዋ ከሌለች ፕሮግራሙ የሚያወጣው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ባዶው ቦታም ይጠፋል። እርስዋ ስትኖር ግን እያንዳንዱ ቃል በገጹ ላይ የት እንደሚጀምር በ`left`፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ በ`width` ይመዘገባል። በሂሳብ ወረቀት ላይ ቁጥሮች የሚሰለፉት በቀኝ ጫፋቸው ስለሆነ፣ ዐምዱን የሚወስነው የሁለቱ ድምር ነው። በምሳሌው ገጽ ላይ 15,900.00 የሚለው ቁጥር በ1210 ጀምሮ በ1480 ያበቃል፤ 25.00 የሚለው ደግሞ በ1330 ጀምሮ እንዲሁ በ1480 ያበቃል። በመነሻቸው ቢለኩ የተለያየ ዐምድ ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ በመድረሻቸው ሲለኩ ግን ሁለቱም ያላንዳች ጥርጥር ዴቢት ናቸው። የክሬዲቱ ዐምድ በ1840፣ የቀሪ ሂሳቡ በ2300 ያበቃል። የአንድ ቁጥር ቀኝ ጫፍ ከነዚህ ከሦስቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ዝርዝሩ ሁለት መስመር ሲይዝ አሠራሩ ቀላል ነው። ቀንም ቁጥርም የሌለበት መስመር ራሱን የቻለ ረድፍ አይደለም፤ ከበላዩ ላለው ዝርዝር ይታከላል። በሐምሌው የኪራይ ዝውውር ላይ TRANSFER የሚለው በአንድ መስመር፣ OFFICE RENT የሚለው በሚቀጥለው መስመር ታትሞ የነበረው በዚህ መንገድ አንድ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ምስክሩ ይጠራል። ምስክሩም ቀሪ ሂሳቡ ነው። የፊተኛው ቀሪ፣ ዴቢቱ ተቀንሶለት፣ ክሬዲቱ ተደምሮለት፣ ከራሱ ከረድፉ ቀሪ ጋር እኩል መሆን አለበት። አምስቱ ዐምዶች ከA እስከ E ቢቀመጡ፣ የዞረው ሂሳብም በሁለተኛው ረድፍ ቢጻፍ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ የሚገባው ቀመር ይህ ነው፦

```
=ROUND(E2-C3+D3-E3,2)
```

ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ረድፉ አልፏል። ማጠጋጊያው የገባው ኮምፒዩተሩ ሳንቲምን ሲያሰላ የሚያስቀራት እዚህ ግባ የማትባል ርዝራዥ ደኅናውን ረድፍ ስሕተተኛ እንዳታስመስል ነው።

የዚህ ቀመር ጥቅም ስሕተት መኖሩን መግለጡ ብቻ አይደለም፤ የስሕተቱን ዓይነትም ይናገራል። ፕሮግራሙ የቼክ 004417ን ብር 8,340.00 አጥፍቶ 3,340.00 ብሎ ቢያነበው ቀመሩ በዚያ ረድፍ 5,000.00 ያሳያል፤ ቀጣዩ ረድፍ ግን ዜሮ ነው። አንድ ረድፍ ብቻውን ሲሰበርና ልዩነቱ አንድ አኃዝና ዜሮዎች ብቻ ሲሆን፣ በዴቢቱ ወይም በክሬዲቱ ውስጥ አንዲት አኃዝ ተሳስታ ተነባለች ማለት ነው።

በሐምሌ 7 ቀን 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው ቀሪ ሂሳብ 36,450.60 መሆኑ ቀርቶ 38,450.60 ተብሎ ቢነበብስ? ያን ጊዜ ሁለት ተከታታይ ረድፎች ይሰበራሉ፤ የመጀመሪያው ከዜሮ በታች 2,000.00፣ ሁለተኛው ከዜሮ በላይ 2,000.00 ያሳያል። ልዩነቶቹ እኩልና ተቃራኒ ሲሆኑ ጥፋቱ ከመጀመሪያው ረድፍ ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው። ይህች ረድፍ ደግሞ እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠች አይደለችም። ያ ቀን ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋበት ዕለት። ያልተመሰከረላት ቀሪ ሂሳብ በዚያ ዕለት ሁለት ሺህ ብር ጨምራ ወደ ዓመቱ መዝጊያ ሂሳብ ትገባ ነበር።

የቼክ 004418 ብር 3,165.00 ወደ ክሬዲት ዐምድ ቢንሸራተት ቀመሩ 6,330.00 ያሳያል፤ ይህም የገንዘቡ ዕጥፍ ነው። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል በዚያው ረድፍ ያለውን ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ ዐምዱ ተሳስቷል፤ ይህን ማንም የሂሳብ ሠራተኛ ከጥንት ያውቀዋል። በዘጠኝ የሚካፈል ልዩነት የተገለባበጡ አኃዞች ምልክት ነው የሚለው አሮጌ መመሪያ ግን እዚህ ብዙም አይረዳም። አኃዝ የሚያገላብጠው በእጁ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ማሽን አንዱን አኃዝ በሌላው ይተካል እንጂ ቦታቸውን አያለዋውጥም። እንዲያውም እንዲህ ያለ መገለባበጥ ከተገኘ አንድ ሰው በመካከል ገብቶ ቁጥሩን በእጁ እንደጻፈው ያስጠረጥራል። ማሽኑ የሚጥለው ነጥቡን ነው፤ 25.00 ሲጠፋበት 2500 ይሆናል፤ ልዩነቱም 2,475.00 ሆኖ በ99 ይካፈላል።

ስሕተቱ ሲገኝ ዕርማቱ ከሥዕሉ መምጣት አለበት፤ ከስሌቱ አይደለም። ቀመሩ 5,000.00 ጎደለ ስላለ ብቻ 5,000.00 የሚጨምር ሠራተኛ፣ በመካከል ሳይለቀም የቀረ ረድፍ ቢኖር ሊሸፍነው ይችላል፤ የተዘለለ ረድፍም እንዲሁ ራሱ የያዘውን ገንዘብ ያህል ልዩነት ያሳያልና። በዚሁ ምክንያት ዐምዱን ራሱን በቀሪ ሂሳቡ መውጣትና መውረድ መወሰን ጥሩ አይደለም። ፍርዱን የሰጠ ሰው በዚያው ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ዐምዱ በቀኝ ጫፉ ይወሰን፤ ቀሪ ሂሳቡ ይመስክር።

ይህ ምስክር የማያየው ነገር ደግሞ አለ። ስለ ቀኑ ምንም አያውቅም። 11/07/2023 የሚለው ቀን የአሜሪካን አጻጻፍ በሚከተል ኮምፒዩተር ሲከፈት ኅዳር ውስጥ ይገባል፤ 13/07/2023 ደግሞ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ሳይለወጥ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ግማሹ ዐምድ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተጠግቶ ሲታይ የደረሰው ይኸው ነው። መድኃኒቱ በምሳሌው እንደታየው ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን አስከትሎ መጻፍ፣ ከዚያም ቀኖቹ ወደኋላ እንዳይመለሱ በተርታ መፈተሽ ነው። 11 የሚለው 17 ተብሎ ቢነበብ ከሐምሌ 12 በፊት ተቀምጦ ስለሚገኝ ወዲያው ይጋለጣል፤ 10 ተብሎ ቢነበብ ግን ተርታው አይፈርስምና በዐይን ካልሆነ አይታወቅም።

እንዲሁም አንድ ቼክ ተከፍሎ በዚያው ዕለት ከተመለሰ፣ ሁለቱ ረድፎች ተከታትለው ቢዘለሉ ቀሪ ሂሳቡ ሳይናጋ ይቀጥላል። ሰንሰለቱ ሙሉ ይመስላል፤ ከመካከሉ ግን ሁለት ቀለበት ወጥቷል። ይህን የሚይዘው በመግለጫው መጨረሻ የሚታተመው የዴቢት ጠቅላላ ድምርና የክሬዲት ጠቅላላ ድምር ነው፤ የተለቀሙት ዐምዶች ለየብቻ ተደምረው ከዚያ ጋር ይተያያሉ። ባንኩ ድምሩን ባላተመበት መግለጫ ላይ ደግሞ በገጹ ያሉት ቀኖች በጣት ተቆጥረው ከተለቀሙት ረድፎች ቁጥር ጋር ይመሳከራሉ።