የቀን ሽያጭ ትርፍ አይደለም
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



በ2009 ዓ.ም. ክረምት ስለ ቀን ገቢ ግምት የተነሣውን ጩኸት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ሽያጭ ይጽፉ ነበር። ያ ቁጥር በዓመቱ የሥራ ቀናት ይባዛና እንደ ንግዱ ዓይነት የትርፍ መጠን ይወሰድለታል፤ ግብሩ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ የ«ሐ» ደረጃን አስቀረ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ በሽያጩ ልክ እንዲከፍል ተደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሒሳብ አዋቂ መቅጠር ለማንችል ሰዎች ትርፍን ከመለካት ሽያጭን መቁጠር ይቀላል። ቅለቱ ግን ዋጋ አለው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለስሌት እንዲመች ግብሩ ከመቶ 3 ብር ነው እንበል። አንዲት ቅቤ ነጋዴና አንዲት ሻይ ቤት ያላት እህት እያንዳንዳቸው በቀን 2,000 ብር ይሸጣሉ። በ300 ቀን 600,000 ብር ይሆናል። ሁለቱም 18,000 ብር ይከፍላሉ። ሻይ ቤቷ ከመቶ 30 ብር ብታተርፍ ትርፏ 180,000 ነው፤ ግብሩ አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ግን ከመቶ 6 ብር ነው የምታተርፈው፤ ትርፏ 36,000 ነው፤ ግማሹ ሄደ። ብትከስር እንኳ ግብሩ አይቀርላትም። የጥንቱ አስራትም እንዲሁ ነበር፤ የዘሩንና የበሬውን ወጪ ሳይቀንስ ከምርቱ ይወሰድ ነበር።

ሁለተኛው ችግር የግምቱ ቀን ነው። ገማቹ የመጣው በፋሲካ ዋዜማ ቢሆንና ቅቤ ነጋዴዋ የ4,000 ብር ስትሸጥ ቢያያት፣ ዓመቱ 1,200,000 ይባላል፤ ግብሩም 36,000 ይሆናል። ትርፏ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ቅቤ የሚገዛት እንዳልነበረ ማን ይመስክርላት?

የሚመሰክርላት ደብተሯ ነው። ማታ ማታ ሱቅ ስትዘጉ ቀኑን፣ የሸጣችሁትንና የገዛችሁበትን ጻፉ። ምንም ያልተሸጠበትንና በሐዘን ወይም በሕመም የዘጋችሁበትን ቀን «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፤ የጾሙን ወራት የሚያሳየው እሱ ነው። የግዢ ደረሰኝ ካለ በገጹ ላይ አያይዙ። መጻፍ የማትችል ልጇን ታስጽፍ። ደብተር ብቻውን ገማቹን አያስገድደውም፤ ግን «አይ፣ በዝቷል» ከማለት ይልቅ በየወሩ ተደምሮ የቀረበ ቁጥር ለመከራከር ይጠቅማል።

የግብር ውሳኔው በጽሑፍ ሲደርሳችሁም ቀኑን ጻፉበት። በፌዴራሉ ሕግ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። በእኛ ጽሕፈት ቤት ያለውን ቀነ ገደብ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ካለፈ በኋላ ደብተሩም አያድንም።