ልዩ ልዩ ሙያ ባላቸው ፈታኞች ፊት የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ የመክፈቻ መግለጫ



አንድ እጩ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመከላከል ሲቀርብ ከፊቱ የሚቀመጡት ፈታኞች ብዙውን ጊዜ የአንድ ሙያ ሰዎች አይደሉም። የውጭው ፈታኝ የአፈር ሊቅ፣ የውስጡ ኤኮኖሚስት፣ ሦስተኛው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ያንኑ ጽሑፍ አንብበዋል፤ ዳሩ ግን አንዱን ቃል በየሙያቸው ለየብቻ ተረድተውት ይሆናል። የመክፈቻው መግለጫ ተቀዳሚ ተግባር ይህን ቃል ፈልጎ መፍታት ነው።

ለማስረዳት ያህል፣ የአፈር እርከን የገብስን ምርት ይጨምር እንደሆነ የመረመረ እጩ ይታሰብ፤ ቁጥሮቹም ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። እርከን በሌለው ማሳ በሄክታር 18.5 ኩንታል፣ በእርከኖች መካከል በተዘራው መሬት ደግሞ በሄክታር 20 ኩንታል ተገኘ። የአፈሩ ሊቅ ይህን ጭማሪ ይለዋል። ኤኮኖሚስቱ ግን የገበሬው መሬት በሙሉ ይታሰብ ይላል። እርከኑና ቦዩ የሄክታሩን አንድ ዐሥረኛ ከያዙ የሚዘራው 0.9 ሄክታር ስለሚሆን፣ የሚገኘው 18 ኩንታል ነው፤ ይኸውም እርከን ከሌለው በግማሽ ኩንታል ያንሳል። እንግዲህ «ምርት» የተባለው ቃል ሳይፈታ ከቀረ ሁለቱ ፈታኞች እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፤ እጩውም በመካከል ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ጥያቄውና መልሱ ሁሉም በሚያውቀው ቋንቋ አብረው ይነገሩ፦ «እርከኑ በተዘራው መሬት ላይ ምርት ጨምሯል፤ የያዘውን ቦታ ግን በዚህ መኸር አልካሰም።» ብዙ እጩዎች ይህን ትተው የቀደሙ ጥናቶችን በመዘርዘር ግማሹን ጊዜ ይጨርሳሉ። ጥናቶቹ በጽሑፉ ውስጥ ስላሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቆጠራው ነገር ነው። እጩው ከ12 ገበሬዎች ማሳ፣ እርከን ካለውም ከሌለውም ወገን፣ አምስት አምስት ናሙና አጭዶ ከሆነ በየወገኑ 60 ናሙና አለው። «60» ብሎ ቢያልፍ የስታቲስቲክሱ ባለሙያ ወዲያው እርሳሱን ያነሣል፤ በአንድ ማሳ ላይ የታጨዱ ናሙናዎች ስለሚመሳሰሉ እንደ አምስት የተለያዩ ምስክሮች አይቆጠሩምና። «ንጽጽሩ የተደረገው በ12 ገበሬዎች ጥንድ ማሳዎች መካከል ነው» የምትለው አጭር ቃል የግማሽ ሰዓት ጥያቄ ታስቀራለች።

ጉድለትን ለጥያቄው ሰዓት ማቆየት ይሻላል የሚሉ አማካሪዎች አሉ። ፈታኞቹ የአንድ ሙያ ሰዎች ሲሆኑ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ሙያቸው ሲለያይ ግን አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። ሆኖም ሁሉንም ጉድለት መደርደር አያስፈልግም። መደምደሚያውን የሚለውጠው አንዱ፣ በዚህ ምሳሌ የአንድ መኸር ምርት ብቻ መመዘኑ፣ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይነገር። እርከን አፈርን የሚያስቀረው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት በመሆኑ በቀጣዮቹ ዓመታት ሚዛኑ ሊለወጥ ይችላል።

መግለጫው መሳቱ በቶሎ ይታወቃል፦ ፈታኞቹ እየሰሙ ወደ ዘዴው ምዕራፍ ገጽ ይገልጣሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄም «ለመሆኑ የለካኸው ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል።