ልጆች በስልክ የሚፈጽሙት ግዢና የወላጅ ፈቃድ

በሬሆቮት፣ በቂርያት ሞሼም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ዕብራይስጥ ለወላጅ በሚከብድበት ቤት ስልኩን የሚያስተካክለው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። አካውንቱን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ያውቃል፣ አንዳንዴም የራሱን የጣት አሻራ በእናቱ ስልክ ላይ ያስመዘግባል። ከዚያ በጌም ውስጥ ሲገዛ መደብሩ የሚያየው እናቱን ነው። የዛሬው ሐሳቤም ይኸው ነው፦ የግዢ ፈቃድ የሚታሰረው በስልኩ ላይ ሳይሆን በአካውንቱ ላይ ስለሆነ፣ ልጅ የራሱ አካውንት ከሌለው ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

«የይለፍ ቃሉን የሰጠው ወላጅ ነው፤ ይክፈል» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2014 ያየው የአፕል ጉዳይ ግን ሌላ ያሳያል። ወላጅ ለአንድ ግዢ የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ በሩ ለ15 ደቂቃ ክፍት ይቆይ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ልጁ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ደጋግሞ መግዛት ይችል ነበር። ለአንዱ መፍቀድ ለሌላው መፍቀድ አይደለምና አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ ሊመልስ ተስማማ። ጎግልም በዚያው ዓመት 19 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማምቷል።

ስለዚህ በአይፎን ለልጁ በ«Family Sharing» ሥር የራሱን አካውንት ከፍቶ «Ask to Buy»ን ማብራት፣ በአንድሮይድ ደግሞ በ«Family Link» የግዢ ፈቃድን ለሁሉም ግዢ ማድረግ ይገባል። ልጁ ሲገዛ ጥያቄው ወደ ወላጅ ስልክ ይመጣል። ገደብም አለው፦ ልጁ በእናቱ ስልክና አካውንት ከተጫወተ ይህ ሁሉ አይሠራም። በዚያ ጊዜ አይፎን ላይ በ«Screen Time» የጌም ውስጥ ግዢን መከልከል፣ አንድሮይድ ላይም መደብሩ ለእያንዳንዱ ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከወጣ በኋላስ? «ልጅ ነውና ሕጉ ያድነናል» የሚል ክርክር ይሰማል። በ1962 የወጣው የእስራኤል የሕጋዊ ችሎታና የአሳዳሪነት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለሚፈጽመው ውል የወላጅ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ሆኖም በዕድሜው የተለመደውን ግዢ፣ እንዲሁም ልጅ መሆኑን ያላወቀና ማወቅም ያልነበረበት ሰው ከእርሱ ጋር የተዋዋለውን፣ ለልጁ ከባድ ጉዳት ካላደረሰ በቀር ማፍረስ አይቻልም። ግዢው በአዋቂ አካውንት ከተፈጸመ ሻጩ ይህንኑ ያነሣል። ስለዚህ ቶሎ ማመልከት ይሻላል፦ ለአፕል በ reportaproblem.apple.com፣ ለጎግል በ48 ሰዓት ውስጥ በመደብሩ በኩል፤ ደረሰኙን ይዞ፣ ልጁ ያለ ፈቃድ መግዛቱን በግልጽ ጽፎ። መመለሱ ግን ዋስትና የለውም። መጀመሪያ ወደ ክሬዲት ካርድ ኩባንያው መሮጥም አደጋ አለው፦ የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ክፍያውን የተቃወሙ ደንበኞችን አካውንት ይዘጋ እንደነበር ኮሚሽኑ ከስሶታል፤ በ2022ም ኩባንያው ለተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የስልካችሁን ቅንብር ከፍታችሁ የማን አሻራ እንደተመዘገበ እዩ፤ የልጃችሁ ካለበት አጥፉትና የይለፍ ቃሉን ቀይሩ።