በዝቅተኛው ወር መኖር

እኔ አሞራ ገደል ዓሣ እሸጣለሁ፣ ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። አምና ልጃችን ሌሊት ሲታመም ቤት ውስጥ መቶ ብር እንኳ አልነበረም። የእቁብ ዕጣዬ ገና አልወጣም፤ እድራችን የሚደርሰው ደግሞ ለለቅሶ ነው።

ከዚያ በኋላ የዓሣ መግዣዬን ሳልጨምር የስድስት ወር ገቢያችንን በደብተር ጻፍኩ፦ 12,000፣ 9,000፣ 15,000፣ 8,000፣ 11,000፣ 9,500 ብር። ድሮ ወጪያችንን የማስበው በአማካዩ፣ በ10,750 ብር ነበር። ግን ሦስቱ ወራት ከዚያ በታች ናቸው፤ ብድር የሚገባብን ለካ በእነሱ ነው። አሁን ለኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለትምህርት ቤትና ለእድር የምንመድበው 8,000 ብቻ ነው። የየቀኑን ገቢ እደምራለሁ፤ 8,000 ከሞላ በኋላ የሚገባው ሁሉ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በእነዚያ ስድስት ወራት እንዲህ ብናደርግ 16,500 ብር ይተርፈን ነበር።

መጀመሪያ ቤት ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ለበዓል ዶሮ ተከፈተ። በዓል ግን ቀኑ የታወቀ ነው፤ ድንገተኛ አይባልም። ስለዚህ የበዓሉን ከወር ወጪው ላይ በትንሽ በትንሹ ማስቀረት ጀመርኩ፤ የክፉ ቀኑን ደግሞ ባንክ፣ ለብቻው ደብተር ከፈትኩለት። ክረምት ላይ ባጃጁ ሲበላሽ ከዚያ 3,000 ብር አወጣን። እንደ ብድር መዝግቤዋለሁ፤ እስካሁን 1,800 መልሰናል።