የኤን ኤም አር ስፔክትረም የሞለኪውልን መዋቅር እንዴት ይናገራል?
በወላይታ ሶዶ ለሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር

የተሰጠኝ ርዕስ ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ ኬሚካል ሺፍት፣ ኢንቴግሬሽን እና የፒኮች መሰንጠቅ። እናንተም በዚሁ ላይ ድርሰት እንደምታቀርቡ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያሉ ድርሰቶችን ለዓመታት አርሜያለሁ። አብዛኞቹ ሦስቱን በሦስት አንቀጽ ይፈቱና ያበቃሉ፤ አንድም ስፔክትረም አያነቡም። ስለዚህ ዛሬ ፍቺውን አሳጥሬ አንድ ስፔክትረም አብረን እናነባለን።

የመረጥኩት ሞለኪውል ከዝንጅብል የሚገኝ ነው። ቦሎሶ ሶሬ አካባቢ ያደጋችሁ ዝንጅብልን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአጠውልግ በሽታ ማሳውን ምን እንዳደረገውም ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። እርጥቡን ዝንጅብል የሚያቃጥለው ጂንጀሮል ነው። ዝንጅብሉ ሲበስል ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ይፈርስና ዚንጀሮን ይሆናል፤ የበሰለ ዝንጅብል ለስለስ ያለ መዓዛ ያለውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የመረጥኩት ዚንጀሮንን ነው፤ ቀመሩ C11H14O3 ነው። አሮማቲክ ቀለበት አለው፤ በቀለበቱ ላይ አንድ OH፣ ከጎኑ አንድ OCH3፣ ከOH ፊት ለፊት ደግሞ CH2CH2COCH3 የሚባል ሰንሰለት ተያይዟል። 14 ሃይድሮጅን እንዳለው ያዙልኝ፤ ቁጥሩ ያስፈልገናል።

መጀመሪያ ኬሚካል ሺፍት። የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ በብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲገባ የሬዲዮ ሞገድ ይቀበላል። በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ከማግኔቱ በመጠኑ ይከልሉታል። ጎረቤቱ ኦክስጅን ከሆነ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ ከለላው ይሳሳል፤ ፒኩም ወደ ግራ ይሄዳል። በእኛ ሞለኪውል በካርቦኒል አጠገብ ያለው CH3 በ2.14 ፒፒኤም፣ በኦክስጅን ላይ ያለው CH3 በ3.86 አካባቢ ይወጣል። የቀለበቱ ሃይድሮጅኖች ከ6.6 እስከ 6.9 ባለው ውስጥ ናቸው። መነሻው ዜሮ ቲ ኤም ኤስ የተባለው ውህድ ነው። ስለ ሺፍት ይህን ያህል ይበቃል፤ የቀረውን ሰንጠረዡ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ምወደው ወደ ኢንቴግሬሽን ልለፍ። አስተባባሪው ሰዓት እያየ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። በ1951 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ አርኖልድ፣ ዳርማቲና ፓካርድ የኢታኖልን ስፔክትረም ሲያሳዩ ሦስት ፒኮች ነበሩ፤ ስፋታቸው 1፣ 2፣ 3 ነበር። OH፣ CH2፣ CH3 ማለት ነው። ኬሚስቶች ይህን መሣሪያ ከፊዚክስ ሰዎች እጅ የተቀበሉት በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው። የፒክ ስፋት ሃይድሮጅን ይቆጥራል። ቁመት አይቆጥርም፤ ቀጭንና ረጅም ፒክ ከሰፊና አጭር ፒክ ያነሰ ሃይድሮጅን ሊይዝ ይችላል።

አንድ ተማሪ ከዝንጅብል ያወጣውን በኮለም አጣርቶ ስፔክትረሙን ይዞልኝ መጣ እንበል። ከኮለሙ ያወረደው በሄክሴንና በኢታይል አሲቴት ድብልቅ ነው። የ3.86ቱን ፒክ 3.00 ብለን እንነሳ። የ2.14ቱ 3.0 ይሆናል። ከ2.7 እስከ 2.9 ያሉት ተደምረው 4.0፣ የቀለበቱ 3.0፣ በ5.5 አካባቢ ያለው ሰፊ ፒክ 0.9 ይሆናሉ። ድምሩ 14 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። የጎደለው የOH ነው፤ ይህ ሃይድሮጅን ከውሃ ጋር ስለሚለዋወጥ ስፋቱ አይታመንም። በቱቦው ውስጥ አንድ ጠብታ D2O ጨምራችሁ ብትነቀንቁት ፒኩ ይጠፋል፤ OH መሆኑ በዚህ ይረጋገጣል።

ነገር ግን ሌሎች ሦስት ፒኮችም አሉ፤ በ1.26፣ በ2.05 እና በ4.12። ስፋታቸው 0.6፣ 0.6 እና 0.4 ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሰንጠረዥ ገልጦ፣ 4.12 ኦክስጅን ላይ ያለ CH2 ነው ብሎ፣ አዲስ ውህድ አገኘሁ ይላል። ሺፍቱ እውነት ነው፤ ኦክስጅን ላይ ያለ CH2 ነው። ግን የአንድ ሞለኪውል ሃይድሮጅኖች ከሆኑ ከ3.00 ጋር ሲነጻጸሩ ሙሉ ቁጥር መሆን ነበረባቸው። 0.6 ሃይድሮጅን የለም። እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ደግሞ 3፣ 3፣ 2 ናቸው። ኢታይል አሲቴት ይህ ነው፤ ሳይተን የቀረው የኮለሙ አሟሚ። ምርቱን ከእሱ ጋር መመዘን ዝንጅብሉን ከነአፈሩ መዝኖ እንደ መሸጥ ነው።

ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ 0.6ን ለ3 አካፍሉ፤ 0.2 ይሆናል። ለአምስት ዚንጀሮን አንድ ኢታይል አሲቴት አለ ማለት ነው። የሞለኪውል ክብደታቸው 194 እና 88 ስለሆነ፣ ተማሪው ከመዘነው ውስጥ ከመቶ 8 ያህሉ አሟሚ ነው። በድርሰቱ የጻፈው የምርት መጠንም በዚያው ልክ ተጋንኗል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ትናንሽ የአሟሚ ሞለኪውሎች ከአንዱ የሬዲዮ ምት በኋላ ወደ ቦታቸው ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። በምቶቹ መካከል በቂ ሰከንድ ካልተጠበቀ ስፋታቸው አንሶ ይታያል፤ እውነተኛው መጠን ከ8ም ሊበልጥ ይችላል። ናሙናውን በጥቂት ክሎሮፎርም አሟሙቶ እንደገና ማትነን፣ ከዚያም በቫኪዩም ፓምፕ ማቆየት ብዙውን ጊዜ ያጠራዋል። ብዙ ጊዜ የእናንተ ዓይነት ናሙና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ነው ስፔክትረሙ የሚነሳው፤ ሳይደርቅ ከተላከ ያ ሁሉ መንገድ ለአሟሚ ነው።

ለመሰንጠቅ ደቂቃዎች ብቻ ቀሩኝ። የ1.26ቱ ፒክ ባለ ሦስት ጫፍ ነው፤ ጎረቤቱ CH2 ስለሆነ። ሁለቱ ጎረቤት ሃይድሮጅኖች ሁለቱም ከማግኔቱ ጋር፣ ወይም ሁለቱም በተቃራኒው፣ ወይም አንዱ በአንድ አንዱ በሌላ ሊቆሙ ይችላሉ። የመጨረሻው በሁለት መንገድ ስለሚሆን ጫፎቹ 1፣ 2፣ 1 ናቸው። የ4.12ቱ በተመሳሳይ ምክንያት ባለ አራት ጫፍ ነው። በሁለቱም ጫፎቹ የሚራራቁት በ7 ኸርዝ ያህል ነው፤ እኩል መሆኑ ጎረቤታሞች ለመሆናቸው ጥሩ ማስረጃ ነው። የ2.05ቱ አልተሰነጠቀም፤ በአጠገቡ ያለው ካርቦኒል ሃይድሮጅን የለውም።

ጎረቤትን በአንድ መደመር የምትሉት ሕግ ግን ፒኮቹ በደንብ ሲራራቁ ብቻ ነው የሚሠራው። የዚንጀሮኑ ሁለት CH2ዎች በ0.1 ፒፒኤም ያህል ብቻ ይለያያሉ። በ400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ይህ 40 ኸርዝ ስለሆነ ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ ፒኮች ይታያሉ፤ ግን አንዱ ወደ ሌላው ያዘነበለ ነው፣ የውስጠኞቹ ጫፎች ይረዝማሉ። በ60 ሜጋኸርዝ የጠረጴዛ መሣሪያ ልዩነቱ 6 ኸርዝ ብቻ ነው። ያኔ ሕጉ አይሠራም፤ ጫፍ ቆጥራችሁ የምትጽፉት መልስም ይሳሳታል።

ስለ ቀለበቱ 8 እና 2 ኸርዝ መሰንጠቅ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። በድርሰታችሁ ውስጥ ግን አንድ ሰንጠረዥ እንድታስገቡ እጠይቃለሁ። ለእያንዳንዱ ፒክ ሺፍቱን፣ ስፋቱን፣ ስንጥቁን በኸርዝ ጻፉ፤ የማን እንደሆነ ያላወቃችሁትንም ፒክ ሳትደብቁ አስፍሩ። አራሚያችሁ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ረድፍ ነው።