ከቡናው ወደ ሥራው
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኛ ሒሳብ የምንሠራ አባላት ሰኔ ሲጋመስ የቡና ጥሪ ይበዛብናል። ሐምሌ የግብር ወር ነውና በአቦል ስለ ልጆች ተጫውተን ቶናው ላይ ስንደርስ "እስቲ ይችን ወረቀት እይልኝ" ይመጣል። በረካው ሳይጠጣ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ጭናችን ላይ ነው።

ቀደም ሲል ዋጋ ስንጠየቅ ይሉኝታ ይዞን "ኧረ ችግር የለም፣ እንደፈቀድሽ" እንል ነበር። ደግ ቃል ይመስላል፤ የሚያስጨንቀው ግን ባለሱቋን ነው። ትንሽ ብትሰጥ ታፍራለች፣ ብዙ ብትሰጥ ትጎዳለች። ካቻምና ሁለት ቀን ሙሉ የደከምንላት ወዳጃችን ምንም ሳትከፍል ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ አራዳ ስታየን መንገድ ትቀይር ጀመር።

አሁን አንድ ድንበር እናያለን። "ይህ ምን ማለት ነው?" ጥያቄ ነው፤ እዚያው ቡናው ላይ እንመልሳለን። "ሥሪልኝ" ግን ሥራ ነው። ፌስታሉን ከተቀበሉ በኋላ ዋጋ ማንሳት ስለሚከብድ፣ ከመቀበላችን በፊት እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚነግዱ እናት የሦስት ወር ደረሰኝ ሲያወጡ እንዲህ አልናቸው፤ "እትዬ፣ የጠየቁንን ነግረንዎታል። መዝገቡን መሥራት ግን እንጀራችን ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ዋጋውን ጽፈን ማክሰኞ እናምጣልዎ?" ጎረቤት ባለበት ብር አልጠራንም። እሳቸውም "ይሁን" ወይም "ይቅር" ለማለት ጊዜ አገኙ።

ማክሰኞ የወሰድነው አንድ ገጽ ነው። የሦስቱን ወር ደረሰኝ ለይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር የሁለት ቀን ሥራ፣ 2,400 ብር፤ ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ መዝገቡን ሲረከቡ። ግብር ቢሮ መመላለስን እንደማይጨምርም ጻፍን፤ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ካልተጻፈው ነገር ነው።

"ለእኔ እንኳ አትቀንሱልኝም?" አሉን። ዋጋውን ብቻ ብንቀንስ የመጀመሪያው ውሸት ይመስላል። ስለዚህ ሥራውን ቀነስን፤ ደረሰኙን በየወሩ እሳቸውና ልጃቸው ከለዩት አንድ ቀን ይበቃናል፣ 1,200 ብር። ተስማሙ። ልጅቷ የሚያዝያውን ከግንቦቱ ቀላቅላ ግማሽ ቀን በላብን፤ እሱን ግን ዋጥነው።

ደባርቅ ላይ ለሰሜን ተራሮች ተጓዦች የምታበስል አባላችን ዘዴዋ ሌላ ነው። አስጎብኚ ወዳጇ "አንድ ቀን አብረን እንሠራለን" ሲላት፣ "ስንት ሰው፣ ለስንት ቀን፣ አስቤዛውን የሚገዛው ማነው?" ትለዋለች። መልስ ካለው ማታውኑ ዋጋ ትልካለች፤ ከሌለው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ።

የቸገራት ስትመጣ በነፃ እንሠራለን። ያኔም ሳንጀምር "ይህ ክፍያ የለውም" እንላታለን፣ ምን ልክፈል እያለች እንዳትጨነቅ።

እትዬ ዘንድሮ ገና በግንቦት "ወረቀቷን መቼ ታመጣላችሁ?" ብለው ራሳቸው ጠየቁን።