«ረጋ» ስለሚለው ቃልና ስለ ሁለቱ የለውጥ ዓይነቶች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ይዘን የቀረብነው በክፍላችን ረጅም ክርክር ያስነሣውን አንድ የሳይንስ መልመጃ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያ፥ የተጻፈው ነገር ጠጣር፥ ፈሳሽ ወይም ጋዝ መሆኑን ግለጹ ይላል፤ ቀጥሎም የተጻፈው ለውጥ ፊዚካዊ ነው ወይስ ኬሚካዊ ብሎ ይጠይቃል። የተዘረዘሩት ነገሮች ሁሉ ከወተት የሚገኙ ስለሆኑ፥ እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቋቸዋል።

ፊዚካዊ ለውጥ የሚባለው አንድ ነገር መልኩን፥ ቅርጹን ወይም ሁኔታውን ለውጦ እርሱ ራሱ ግን ያው ሆኖ ሲገኝ ነው። ኬሚካዊ ለውጥ የሚባለው ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ነገር ሲፈጠር ነው። ይህን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ሁለት መስመሮች ነው። አንደኛው «ወተት ሲረጋ» ይላል፤ ሁለተኛው «የቀለጠ ቅቤ ሲረጋ» ይላል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ። ፈሳሽ የነበረው ጠነከረ፤ ስለዚህ ፊዚካዊ ነው አሉ።

ነገር ግን ቋንቋችን «ረጋ» ሲል የሚናገረው ዓይን ያየውን ብቻ ነው። ውስጡ ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። የቀለጠው ቅቤ ሲቀዘቅዝ ስቡ ጠጣር ሆነ እንጂ ሌላ አልሆነም፤ ብናሞቀው ተመልሶ ይፈሳል፥ ብናቀዘቅዘው ተመልሶ ይረጋል። ወተቱ ግን እንዲህ አይደለም። ከወተት ከመቶው እጅ 5 ያህሉ ላክቶስ የሚባል ስኳር ነው። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን ስኳር እየተመገቡ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ሲበዛ ካዜይን የሚባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ መረብ ሆኖ ውሃውን በመካከሉ ይይዛል። እርጎ ማለት ይኸው ነው። ከመቶው እጅ 85 የሚበልጠው አሁንም ውሃ ሆኖ ሳለ፥ በመረቡ ስለ ተያዘ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አዲስ ነገር መፈጠሩን በምን እናውቃለን? ምላስ መጀመሪያ ያውቀዋል፤ ጣፋጩ ኮምጣጣ ሆኗል። በቤተ ሙከራ ግን መቅመስ ክልክል ስለሆነ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት እንነክራለን። ትኩሱ ወተት ወረቀቱን ብዙም አይለውጠውም፤ እርጎው ግን ወደ ቀይ ያዞረዋል። ደግሞም እርጎን ብናሞቀው ወተት ሆኖ አይመለስም፤ ወደ አይብና ወደ አጓት ይለያል እንጂ። ስለዚህ የወተቱ መርጋት ኬሚካዊ፥ የቅቤው መርጋት ፊዚካዊ ነው። ይህ የባክቴሪያ ሥራ ሙቀት ይወዳል፤ በጉና ተራራ ሥር ባለው በጋይንት ደጋ ወተት ለመርጋት የሚዘገየው፥ ከስማዳ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ግን ቶሎ የሚኮመጥጠው ስለዚህ ነው።

ስለ ደጋና ቆላ ካነሣን ዘንድ፥ «የቅቤ ሁኔታ ምንድር ነው?» የሚለውም ጥያቄ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። በደጋ ጧት በቢላዋ የሚቆረጠው ቅቤ፥ በቆላ ቀትር ላይ ከቅሉ ሊፈስ ይችላል። ቅቤው አንድ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ወረቀቱ የሙቀቱን መጠን ቢጽፍልን መልካም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ መስመር እንመጣለን፤ እርሱም «እርጎ ተንጦ ቅቤ ሲወጣ» የሚለው ነው። በክፍሉ ውስጥ ኬሚካዊ ነው ያሉት ተማሪዎች አንድ ማስረጃ ነበራቸው፤ ቅቤውን ወደ አሬራው መልሰን ብንጨምረው እንደ ቀድሞው አይሆንም አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ማስረጃው ግን አይበቃም። የተፈለጠ እንጨትም ተመልሶ ግንድ አይሆንም፤ ሆኖም መፍለጥ አዲስ ነገር አይፈጥርም። መጠየቅ ያለብን «ይመለሳልን?» ብለን ሳይሆን «ይህ ነገር ቀድሞ ነበረን?» ብለን ነው። ስቡ ደግሞ ከመጀመሪያው በወተቱ ውስጥ ነበረ። ወተት ሳይነካ ቢያድር ቅባቱ ወደ ላይ መንሳፈፉ ይህን ያሳያል። ስቡ በወተት ውስጥ የሚኖረው በስስ ሽፋን በተጠቀለሉ እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች መልክ ነው። ቅሉ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፥ ጠብታዎቹም እየተጋጩ ይጣበቃሉ፥ በመጨረሻ ፍርክስክሱ ቅቤ ይታያል። ይህ መሰብሰብ እንጂ መፈጠር ስላልሆነ ፊዚካዊ ነው።

ንጡ አልወጣ ሲልም ምክንያቱ ይኸው ነው። በጣም ከቀዘቀዘ ጠብታዎቹ ጠንክረው አይጣበቁም፤ በጣም ከሞቀ ደግሞ ስቡ ስለሚለሰልስ ተሰብስቦ አይያዝም። በብርድ ጊዜ ቅሉን ወደ እሳት ማስጠጋት፥ በሙቀት ጊዜ ደግሞ በማለዳ መናጥ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። የእስቴም ሆነ የጋይንት እናት ይህን ከሳይንስ መጽሐፍ አልተማረችውም።

የመጨረሻው መስመር «ቅቤ ሲነጠር» ይላል። ከተናጠው ቅቤ ከመቶው እጅ 80 ያህሉ ስብ፥ ከቀረው ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ድስቱ በእሳት ላይ ሲጣድ መጀመሪያ ስቡ ይቀልጣል፤ ይህ ከጠጣር ወደ ፈሳሽ መለወጥ ነው። ቀጥሎ አረፋ ይነሣል፥ የመንጣጣትም ድምፅ ይሰማል። ይህ ውሃው ወደ ጋዝ ሲለወጥ ነው። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደጋ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀዝቃዛ ክዳን ከእንፋሎቱ በላይ ብንይዝ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ይሰበሰባል። የተነጠረው ቅቤ ሲመዘን መቅለሉን አይተው «አንድ ነገር ጠፍቷልና ኬሚካዊ ነው» የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ከድስቱ የወጣው ውሃ በክዳኑ ላይ ውሃነቱን ሳይለቅ ይገኛል።

ውሃው ተሟጥጦ መንጣጣቱ ጸጥ ሲል ግን ሌላ ነገር ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ውሃው እየፈላ ሙቀቱን ይዞት ነበር፤ አሁን ሙቀቱ በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል። ከድስቱ ሥር የቀረው የፕሮቲንና የወተት ስኳር ዝቃጭ ይቡናል፥ ሽታውም ይለወጣል። ያ ቡናማ ነገር ቀድሞ በቅቤው ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ድስቱ ሳይወርድ ቢቆይ አርሮ ቅቤውን ያመርረዋል።

የመልመጃው ወረቀት ለ«ቅቤ ሲነጠር» የሰጠው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። እኛም ከሣጥኑ ውጭ፥ በኅዳጉ ላይ፥ ሦስት መልስ ጻፍን፤ መቅለጡ ፊዚካዊ፥ የውሃው መትነን ፊዚካዊ፥ የዝቃጩ መቡነን ኬሚካዊ።